«ስሙ አይመሳሰልም»
ከውጭ የተላከ ገንዘብ ባንክ መስኮት ላይ ለምን ይቆማል?

ገንዘቡ ተልኳል። ባለ 10 አሃዙ ቁጥር በቴሌግራም ደርሶዎታል። መታወቂያዎን ይዘው፣ ወረፋ ጠብቀው መስኮቱ ጋ ደርሰዋል። ገንዘብ ከፋይዋ ቁጥሩን አስገብታ ስክሪኑን ታያለች፣ መታወቂያዎን ታያለች፣ ተመልሳ ስክሪኑን ታያለች። ከዚያ «ስሙ አይመሳሰልም፤ ላኪው ያስተካክል» ብላ መታወቂያዎን ትመልስልዎታለች።

ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ከገንዘብ ከፋይዋ ጋር ይከራከራል። «እኔ መሆኔን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል» ይላል፤ የልጁን ፎቶ ከስልኩ ያሳያል፤ ሥራ አስኪያጁን ያስጠራል። ድካሙ ትርፍ የለውም። ባንኩ እዚህ ቦታ ላይ ከፋይ ብቻ ነው። በስክሪኑ ላይ የሚታየውን ስም የጻፈው ላኪው ነው፤ ማስተካከል የሚችለውም ላኪው ወይም በእርሱ ጥያቄ የላከው ድርጅት ነው። ከመስኮቱ በስተጀርባ ያለችው ልጅ ስሙን የምትነካበት ቁልፍ የላትም። ያላት ሥልጣን «ይህ መታወቂያና ይህ ስም የአንድ ሰው ናቸው» ብሎ መፍረድ ብቻ ነው። ተሳስታ ለሌላ ሰው ብትከፍል ደግሞ የሚጠየቀው ባንኩ፣ ምናልባትም ራሷ ናት። የመታወቂያው ቁጥርና ቅጂ ከክፍያው ጋር ተያይዞ ይቀመጣልና በኋላ የሚመረምር ሰው ሁለቱን ስሞች ጎን ለጎን ያያቸዋል።

ስለዚህ ነገሩ የሚፈታው ቅጹ የተሞላበት አገር ነው። ምን እንደተበላሸ አውቀው ለላኪው በትክክል መንገር ከቻሉ ብዙውን ጊዜ በአንድ ቀን ያልቃል። ካላወቁት ግን አንዱ ስህተት በሌላ ስህተት እየተተካ ሳምንት ይፈጃል።

ሦስት ስም፣ ሁለት ሳጥን

የችግሩ ሥር የእኛ ስም አሠራር ነው። እኛ የራሳችን ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም አለን። የገንዘብ መላኪያ ቅጹ ግን የተሠራው የቤተሰብ ስም ላላቸው ሰዎች ነው፤ First name ይላል፣ Last name ይላል፣ አንዳንዴ በመካከል Middle name ይጨምራል። Last name በሚለው ሳጥን ማን ይግባ? አባት ወይስ አያት? አንዱ ልጅ የአባትን ይጽፋል፣ ሌላው የአያትን። ፓስፖርታችን ደግሞ የራስንና የአባትን ስም በአንድ መስመር አድርጎ የአያትን ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ያስቀምጠዋል። ውጭ አገር የቆየ ሰው በአያቱ ስም መጠራት ስለለመደ የእናቱንም ስም በዚያው ልማድ ይሞላል። አንዳንዱማ «Last name» የቤተሰብ ስም ነው ብሎ የራሱን የአያት ስም ለእናቱ ይሰጣታል። እናቱ ግን አግብታም በአባቷ ስም ነው የምትጠራው፤ በመታወቂያዋ ላይ የባሏም ሆነ የአማቷ አባት ስም የለም።

ከዚህ የባሰው ድርብ ስም ነው። ገብረማርያም፣ ኃይለሚካኤል፣ ወልደጊዮርጊስ የመሳሰሉት ስሞች አንድ ሰው ናቸው፤ ኮምፒውተሩ ግን ክፍት ቦታ ባየበት ሁሉ ይቆርጣቸዋል። Haile Mariam ተብሎ ከተጻፈ ኃይሌ ራስ፣ ማርያም አባት ይሆናሉ። በአማርኛ የለመድነው አጻጻፍም ጣጣ አለው። በድሮ የቀበሌ መታወቂያ ላይ «ወ/ማርያም» ተብሎ የተጻፈውን አንብቦ W/Mariam ብሎ ለመሙላት የሚሞክር አለ። ብዙ ቅጽ ያቺን ዘንባላ መስመር አይቀበልም፤ መስመሯ ስትወጣ WMariam ወይም W Mariam ይቀራል። ይህ ማን እንደሆነ ማንም አያውቅም።

ፊደል ሲሻገር

ሌላው ምንጭ ከግዕዝ ፊደል ወደ ላቲን ሲሻገሩ ያለው ልቅነት ነው። ሁሉም የሚከተለው አንድ አጻጻፍ ስለሌለ መታወቂያውን የሞላው ሠራተኛ በሰማው ይጽፋል፣ ልጅዎ በመሰለው ይጽፋል። ትልቁ ጥፋተኛ ሳድሱ ነው። «ትዕግሥት» Tigist፣ Tegest፣ Tigest ትሆናለች። ከዚያ ቀጥሎ ግዕዙ ይመጣል፦ «ወልደ» Wolde ነው ወይስ Welde? ቀ አንዳንዴ K አንዳንዴ Q ነው፣ ኘ በ gn ወይም በ ny ይጻፋል፣ ፀ በ Ts ወይም በ S። «ዮሐንስ» ብቻውን Yohannes፣ Yohanes፣ Yohanis ሆኖ ሲመጣ ያየ ገንዘብ ከፋይ አይደነግጥም።

ደግነቱ ባንኮች ይህን ያውቁታል። ሲነበብ ድምፁ አንድ ከሆነና የተቀየረው አንድ ወይም ሁለት ፊደል ከሆነ ብዙ ጊዜ ይከፍላሉ፤ ውሳኔው ግን በቅርንጫፉና በዕለቱ ተረኛ እጅ ነው። ትናንት በከፈለ ቅርንጫፍ ዛሬ ሌላ ሰው ተቀምጦ ሊመልስዎ ይችላል። የማያልፈው ስሙ ሌላ ስም ሲሆን ነው። «አልማዝ» Almaz ወይም Almas ብትባል አልማዝ ናት፤ «የሺ» እና «የሺእመቤት» ግን ለሚያነብ ሰው ሁለት ሴቶች ናቸው።

እዚህ ላይ ነው የቤት ስማችን የሚያስቸግረን። እናታችንን ዕድሜያችንን ሁሉ እታለም ወይም እማዋይሽ ብለን ጠርተናታል፤ ጎረቤቱም፣ ዕድርተኛውም እንዲሁ። መዝገብ ላይ ያለው ስሟ ሌላ መሆኑን የሚያውቁት እርሷና የቀበሌው ፋይል ብቻ ናቸው። ያልተናገሩት ነውር ሆኖ አይደለም፤ የጠየቃቸው ስለሌለ ነው። ልጅ በሃያ አምስት ዓመቱ አሜሪካ ሆኖ «ለመሆኑ የእናቴ የመዝገብ ስም ማነው?» ብሎ ሲጠይቅ ቤተሰቡ ይስቃል። ጥያቄው ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነው።

አንድ ጉዳይ ከመነሻው እስከ መጨረሻው

ነገሩን ለማየት አንድ ቤተሰብ እንበል። እናት ደብረ ብርሃን ናቸው፤ ለዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ሐሙስ ጠዋት ቅድሚያ ክፍያ ማስገባት አለባቸው። ልጃቸው ከሜሪላንድ ማክሰኞ ማታ 400 ዶላር ልኳል። በፋይዳ መታወቂያቸው ላይ የተጻፈው እንዲህ ነው፦

```
Tsehaynesh Woldemariam Gebre
```

ልጁ በስልኩ የሞላው ደግሞ ይህ ነው፦

```
First name:  Tsehay
Middle name: Wolde
Last name:   Mariam
```

ረቡዕ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ እናት ከመስኮቱ ተመለሱ። አሁን ሁለቱን እናወዳድር። የአያት ስም፣ ገብሬ፣ ልጁ ጋ የለም፤ ይህ ብቻውን ብዙ ጊዜ አያስመልስም፣ የራስና የአባት ስም ከገጠመ ይበቃል። «ወልደማርያም» ለሁለት ተሰንጥቋል፤ ይህም ፊደሎቹ አንድ በመሆናቸው አስተዋይ ገንዘብ ከፋይ ልታልፈው ትችላለች። የቆመው በ«ፀሐይ» እና «ፀሐይነሽ» መካከል ነው። ሦስቱ ጉድለቶች በአንድ ላይ ሲመጡ ደግሞ ማንም ለመፍረድ አይደፍርም።

የመጀመሪያው እርምጃ ከባንኩ ሳይወጡ ገንዘብ ከፋይዋን አንድ ነገር መጠየቅ ነው፦ «በስክሪኑ ላይ ያለውን ስም ባይነግሩኝም የትኛው ክፍል እንዳልገጠመ ይንገሩኝ፤ የራስ ነው ወይስ የአባት?» አብዛኞቹ ይህን ያህል ይነግራሉ። ሁለተኛው መታወቂያውን አንጥፎ፣ ብርሃን ባለበት፣ ፊትና ጀርባውን ፎቶ አንስቶ ለልጁ መላክ ነው። ስሙን በስልክ ማስጻፍ አይበጅም፤ ስህተቱ የመጣው በጆሮ ከመጻፍ ነውና በጆሮ አይታረምም። ልጁ የመታወቂያውን የላቲን መስመር ፊደል በፊደል ይገልብጥ። መታወቂያው በአማርኛ ብቻ የተጻፈ የቀበሌ መታወቂያ ቢሆን ኖሮ ባንኩ በላቲን እንዴት እንደሚያነበው መጠየቅ ይገባ ነበር።

ከዚያ መጠበቅ አለ። እዚህ ጠዋት 4 ሰዓት ሲሆን እዚያ በበጋቸው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፤ ልጁ ተኝቷል። የሚነሳው እዚህ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነው፤ ቅርንጫፉ ሊዘጋ ጥቂት ይቀረዋል። ለዚህ ነው ቁጥሩ በደረሰበት ሰዓት ባንክ መሄድ የማይመከረው፤ ላኪው ነቅቶ ባለበት ሰዓት መሄድ ይሻላል። ከሰዓት በኋላ ሄደው ቢመለሱ ኖሮ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠው ሊያስተካክሉት ይችሉ ነበር።

ልጁ ሲነሳ በመተግበሪያው የላከውን ገንዘብ ይከፍትና የተቀባዩን ስም ማስተካከያ ይፈልጋል። ጥቂት ፊደል ብቻ ከሆነ ብዙ ጊዜ እዚያው ይቀበለዋል። እዚህ ጉዳይ ላይ ግን የራስ ስም በከፊል ስለሚቀየር ላይቀበለው ይችላል፤ ያን ጊዜ ወደ ደንበኞች አገልግሎት ይደውላል። የሚጠይቁት ቁጥሩን፣ የላከውን መጠን፣ የራሱን ስምና የተቀባዩን አዲሱን አጻጻፍ ነው። መናገር ያለበት አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፦ ተቀባይዋ ያው ሴትዮ ናት፣ የጻፍኩት የቤት ስሟን ነው፣ በመታወቂያዋ ላይ ያለው ሙሉው ነው። «ሌላ ሰው ይቀበል» የሚል ቃል ከአፉ ከወጣ ነገሩ ማስተካከል መሆኑ ይቀርና ስረዛ ይሆናል፤ አንዱን ሰው በሌላ መተካት አይፈቅዱምና።

መሰረዝ የሚባለውን ቁልፍ ላኪው ቸኩሎ እንዳይነካ አደራ ይበሉት። ስሙ ሲታረም በአብዛኛው ቁጥሩ ያው ነው፣ ተመኑም ያው ነው፣ እናት በዚያው ወረቀት ይመለሳሉ። ሲሰረዝ ግን ገንዘቡ ወደ ካርዱ ለመመለስ ቀናት ሊፈጅ ይችላል። እንደገና ሲላክ አዲስ ቁጥር፣ አዲስ የአገልግሎት ክፍያና የዕለቱ ምንዛሪ ይመጣል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ተመን በገበያ የሚወሰን በመሆኑ በሁለት ሳምንት ውስጥ የሚገኘው ብር ያው ላይሆን ይችላል። ልጁ ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት «ቁጥሩ ተቀይሯል ወይስ ያው ነው?» ብሎ መጠየቅ አለበት። በአሮጌ ቁጥር ተመልሰው ሄደው ሁለተኛ ወረፋ የተሰለፉ እናቶች ብዙ ናቸው።

ሐሙስ ጠዋት ክፍያ አለ ብለናል። ማስተካከያው እስከ ማታ ካልተረጋገጠ፣ ልጁም ካለው፣ እኔ ብሆን የቅድሚያ ክፍያውን ብቻ ያህል መታወቂያዋ ንጹሕ ለሆነች እህት ወይም ጎረቤት እንዲልክ እመክረዋለሁ፤ የመጀመሪያው 400 ዶላር በራሱ ጊዜ ይታረማል። እህት በእናት ቁጥር ሄዳ መቀበል ግን አትችልም። ውክልና ይዛ ብትቀርብም ለእንዲህ ያለ ክፍያ አብዛኛውን ጊዜ አይቀበሉትም፤ ቁጥሩ የተጻፈው በአንድ ሰው ስም ነው፣ ራሱ ሰውዬው መቅረብ አለበት። እናት መራመድ የማይችሉ ከሆነ መጀመሪያውኑ የሚሄደው ሰው ስም ይጻፍ።

ስም ተስተካክሎም ካልወጣ

የገንዘብ ከፋይዋን ቃል በጥንቃቄ ይስሙ፤ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አንድ ይመስላሉና። «አልተገኘም» ወይም «አልመጣም» ካለችዎ ችግሩ ስም ላይሆን ይችላል። ቁጥሩ ተሳስቶ ተጽፏል፣ ወይም የእርስዎ ቁጥር የሌላ ድርጅት ነው። የዌስተርን ዩኒየን ቁጥር 10 አሃዝ ነው፣ የመኒግራም 8፤ ቁጥሩን ሲልኩልዎ የድርጅቱን ስም አብረው ይጠይቁ። «ስሙ አይመሳሰልም» ካለች እስካሁን ያወራነው ነው። «ተይዟል፤ ላኪው ይደውል» ካለች ግን ጉዳዩ ወደ ሌላ ክፍል ሄዷል።

ገንዘብ ላኪ ድርጅቶች እያንዳንዱን ስም ዓለም አቀፍ ማዕቀብ ከተጣለባቸው ሰዎች ዝርዝር ጋር ያመሳክራሉ። ማሽኑ የሚያየው ስም ብቻ ነው። አባትና አያታቸው የተለመደ ስም የያዙ ሰዎች፣ በተለይ መሐመድ፣ አሕመድ፣ አሊ የመሳሰሉ ስሞች ተደርድረው ሲመጡ፣ ከማያውቁት ሰው ጋር ተመሳስለው ይያዛሉ። ይህ ወንጀል መጠርጠር አይደለም፤ የሚፈታውም ከላኪው ወገን የተቀባዩ ሙሉ ስም እስከ አያት፣ የትውልድ ቀንና የመታወቂያ ቅጂ ሲቀርብ ነው። በሁለት ስም ብቻ መላክ እዚህ ላይ ይጎዳል፤ የአያት ስም ሲጨመር ከዚያ ከማያውቁት ሰው ይለያሉ።

የትውልድ ቀን ሲጻፍ ደግሞ የዘመን አቆጣጠራችን ይመጣል። መታወቂያው 1950 ካለ በኢትዮጵያ ነው ወይስ በአውሮፓ? ልጅዎ እንዳለ ከገለበጠው እናትን በሰባት ወይም በስምንት ዓመት አስረጅቷቸዋል። የመታወቂያው ማብቂያ ቀንም እንዲሁ ነው። በእኛ አቆጣጠር የተጻፈን ዓመት እንደ አውሮፓ ያነበበ ሰው ገና ሁለትና ሦስት ዓመት የቀረውን መታወቂያ ጊዜው አልፏል ይላል። እንዲህ ከሆነ በትሕትና «በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው» ማለት ይበቃል።

የላኪውም ስም አለ

ተቀባዩ መስኮቱ ላይ የሚጠየቀው የራሱን ስም ብቻ አይደለም፤ «ማን ነው የላከልዎ?» ይባላል። ከዐረብ አገር በሚመጣ ገንዘብ ላይ ይህ ጥያቄ ብዙ ቤተሰብ ያስደነግጣል። ለሥራ ሲሄዱ በፓስፖርታቸው ላይ ሌላ ስም የተጻፈላቸው ልጆች ነበሩ፤ እናት «ዘነበች ናት የላከችልኝ» ስትል ስክሪኑ ዘይነባ ይላል። ልጅቱ የምትልከው በፓስፖርቷ ወይም በመኖሪያ ፈቃዷ ነውና ስሟ እዚያ እንዳለው ነው የሚመጣው። እስራኤል ያሉ ዘመዶቻችንም ብዙዎቹ በዕብራይስጥ ስም ይጠራሉ። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከቁጥሩ ጋር የላኪው ስም በደረሰኙ ላይ እንደታተመ በፎቶ ይላክልዎ፤ የላከችው ማን እንደሆነች ሲጠየቁ ያንኑ ያንብቡ።

መታወቂያው ራሱ ሲሳሳት

አንዳንዴ ልጁ በትክክል ጽፎ ስህተቱ መታወቂያው ላይ ነው። የፋይዳ ምዝገባ ላይ አንድ ፊደል ተዘሎ፣ የአባት ስም ተቆርጦ ይገኛል። ለዚህ ወር ገንዘብ ሲባል መታወቂያው አይነካ፤ ላኪው ስህተቱን ጨምሮ መታወቂያው ላይ እንዳለው ይጻፍና ገንዘቡ ይውጣ። እርማቱ ከዚያ በኋላ የልደት ምስክር ወረቀት ወይም ሌላ ማስረጃ ይዞ ወደ ምዝገባ ጣቢያ በመሄድ ይፈጸማል።

የተገላቢጦሹን የሚያደርጉም አሉ፦ ልጅ በተሳሳተ ስም ስለላከ በዚያ ስም ሌላ መታወቂያ የሚያወጡ። የሚያውቁት የወረዳ ሠራተኛ ይኖራቸዋል፣ በሁለት ቀን ያልቃል፣ ገንዘቡም ይወጣል። ከዚያ በኋላ ግን አንዲት ሴት ሁለት ስም አላት፤ የቤት ካርታ፣ ጡረታና የባንክ ሒሳብ በአንዱ፣ መታወቂያ በሌላው። ውርስ ሲመጣ ልጆቿ ሁለቱ ስሞች የአንዲት እናት መሆናቸውን ለማስረዳት ፍርድ ቤት ይቆማሉ። ከባንኩ ደጅ ቆመው «እኔ አስወጣልዎታለሁ» የሚሉትንም ይጠንቀቁ፤ ቁጥሩንና የመታወቂያ ፎቶዎን ለሰጡት ሰው ገንዘቡን ሰጥተውታል ማለት ነው። የገንዘብ ድርጅቱ ሠራተኛ ነኝ ብሎ ደውሎ ቁጥሩን ለሚጠይቅም እንዲሁ።

እና ልጅዎ ስሙን ካስተካከለ በኋላ አንድ ሥራ ይቀረዋል። ያረመው የዚያን ዕለት መላኪያ ነው። በመተግበሪያው ውስጥ ግን «ፀሐይ» የምትባል ተቀባይ ተቀምጣለች፤ በሚቀጥለው ወር ጣቱ ሲነካት ያው የተሰነጠቀ ስም ተሞልቶ ይወጣል። ያቺን ተቀባይ አጥፍቶ በመታወቂያው ፎቶ መሠረት እንደገና ይመዝግባት። ፎቶው ስልኩ ላይ ስላለ ሥራው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ አሁኑኑ እያወራችሁ ሳለ ያድርገው።